«በግ ይሸጣል» በየትኛው ፊደል ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ከእናቴ ጋር የመንዝ በግና ባና እንሸጣለን። የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ከፍተናል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ "አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው፣ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል፣ ደንበኞችሽም እንደዛ ነው የሚጽፉልሽ" ይለኛል። እናቴ ደግሞ "በራሳችን ፊደል ካልሆነ ማን ያነበዋል" ትላለች። ለፋሲካ ልለጥፍ ነውና የቱ ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። ማስታወቂያውን በፊደል ጻፊው። የአክስትሽ ልጅም ግን ጨርሶ አልሳተም። በላቲን መጻፍ ያለበት አንድ መስመር አለ፤ የቱ እንደሆነ ስደርስበት አሳይሻለሁ።

መጀመሪያ «ደንበኞችሽም እንደዛ ነው የሚጽፉልሽ» የሚለውን እንየው። እውነቱን ነው፣ ይጽፋሉ። ኢንቦክስሽን ብትከፍቺ `selam wagaw snt new` የሚል ሞልቶታል። ሰዎች እንዲህ የሚጽፉት ግን ለመጻፍ ስለሚቀላቸው ነው። ስልካቸው ሲገዛ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ለመጨመር ሴቲንግ ውስጥ መግባት ሊኖርባቸው ነው። 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ ደግሞ 231 ይሆናል። ያን ሁሉ ከትንሽ ስክሪን ላይ ለቅሞ «ስንት ነው» ብሎ መጠየቅ ማን ይፈልጋል? ያው ሰውዬ ግን ዜና የሚያነበው በፊደል ነው። የሱቅ ታፔላም፣ የልጁን ትምህርት ቤት ደብዳቤም እንደዚያው።

አራት ቃል በላቲን መጻፍና ስምንት መስመር በላቲን ማንበብ አንድ ሥራ አይደለም። እስኪ አጠገብሽ ላለ ሰው በላቲን የተጻፈ ረዘም ያለ አማርኛ ስጪውና አፉን እዪው። ይንቀሳቀሳል። ቃሉን በድምፅ ካላወጣው አይገባውም። በፊደል ሲሆን ግን «ሙክት» የሚለውን ቃል ፊደል አይቆጥርበትም፤ ዓይኑ ስላረፈበት ብቻ ያውቀዋል። በላቲን ያው ቃል አንዱ ጋ `mukt`፣ ሌላው ጋ `mukit`፣ ሌላው ጋ `muket` ሆኖ ይመጣል። ዓይን የሚለምደው አንድ ቅርጽ የለውም። የበዓል ሰሞን ደግሞ ሁሉም ሰው በግ ይለጥፋል። አንባቢሽ ስክሪኑን እየገፋ ነው የሚያልፈው፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ከተደናቀፈ የሌላው ሻጭ በግ ላይ ደርሷል።

አሁን ወደ ራስሽ ማስታወቂያ እንምጣ። የመጀመሪያው መስመርሽ «የመንዝ በግ ይሸጣል» መሆኑ አይቀርም። በላቲን ይሄ ነው፦

```
yemenz beg yishetal
```

አንብቢው እስኪ። ይሸጣል ነው ወይስ ይሸታል? ሁለቱም በላቲን አንድ ናቸው። በግ ደግሞ ሁለቱም የሚሆንለት እንስሳ ነው። ሰው ዞሮ ዞሮ ምን ለማለት እንደፈለግሽ ይገባዋል። ቀልደኞቹ ግን ይቺን አይለቋትም፤ ስክሪንሹት ተደርጋ ከነስልክ ቁጥርሽ ትዞራለች። ያም «ብዙ ሰው ጋ መድረስ ነው» ካልሽ እንግዲህ የአክስትሽን ልጅ አመስግኚው።

ይሄ የሚሆነው እንግሊዝኛ ለጠ፣ ለጨ፣ ለቀ፣ ለጸ የሚሆን የራሱ ፊደል ስለሌለው ነው። ተም ጠም `t` ይሆናሉ። ከም ቀም `k` ይሆናሉ። ስለዚህ `meta` ያልሽው መጣም ነው፣ መታም ነው። `kebere` ከበረም ነው፣ ቀበረም ነው። በዚህ ላይ አናባቢው ይጨመርበታል። `ge` አንዳንዴ ገ፣ አንዳንዴ ጌ፣ አንዳንዴ ግ ለማለት ትመጣለች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ዙሪያው ያሉት ቃላት አንባቢውን ያድኑታል። የበግ ማስታወቂያ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የለውም። ቁርጥራጭ ነው፦ `2 amet, kend alew, latu tilik`። እዚህ `kend` ቀንድ ይሁን ክንድ የሚነግር ጎረቤት ቃል የለም። በግ መሆኑን ያላየ፣ ፎቶው ያልተከፈተለት ሰው ግር ይለዋል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሰዓት ከፎቶው በፊት የሚደርሰው ጽሑፉ ነው፤ ይሄን አትርሺ።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተሮች ፊደላችንን እርስ በርስ መላላክ ሲያቅታቸው SERA የሚባል አጻጻፍ ተበጅቶ ነበር። ጠን በትልቁ `T`፣ ተን በትንሹ `t` ይለያል። በዚያ አጻጻፍ ይሸጣል `yxeTal` ነው፣ ይሸታል ደግሞ `yxetal`። ለማሽን ግሩም ነው። ሰው ግን ሕጉን ካልተማረ አያነበውም፤ `x` ሸ ናት ብሎ ማን ይጠረጥራል? በ1999 (እ.ኤ.አ.) የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚጋሩት ዩኒኮድ የሚባል የፊደላት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ በየስልኩ ለመታየት መንገዱ ተከፈተለት። ዛሬ ስማርት ስልክ ላይ ፊደል አይታይም የሚል ሥጋት የለብሽም። ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊመጣ የሚችለው አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ላይ ነው።

ፊደላችንም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «የገና በግ ገና አልመጣም» ብለሽ ብትጽፊ ሁለቱ ገናዎች አንድ ናቸው። ይህን ግን አንባቢ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለለመደው አይሰናከልበትም።

እሺ፣ «ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል» የሚለውስ? እዚህ ላይ ነው የአክስትሽ ልጅ ግማሽ እውነት ያለው። ማስታወቂያሽ ሰው ጋ የሚደርሰው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሰው ፎርዋርድ ሲያደርገው ነው። ፎርዋርድ የሚደረገው ደግሞ ተነቦ የገባ ነገር ነው፤ ስለዚህ ፊደል ያሸንፋል። ሁለተኛው ሰው ሲፈልግሽ ነው። ቴሌግራም ላይ ፍለጋ የሚሠራው የተጻፈውን ቃል ከተጻፈ ቃል ጋር እያመሳሰለ ነው። ቦሌ ቁጭ ብሎ `debre birhan` ብሎ የፈለገ ሰው «ደብረ ብርሃን» ብለሽ የጻፍሽውን አያገኝም። በፊደል የፈለገም በላቲን ብቻ የተጻፈውን አያገኝም።

ግን ሰው ምን ብሎ ነው የሚፈልገው? የቦታ ስምና የዕቃ ስም ነው። `yishetal` ብሎ የሚፈልግ የለም። `latu tilik` ብሎም የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ማስታወቂያውን በሙሉ በላቲን መጻፍ በፍለጋ የሚጨምርልሽ ነገር የለም። የሚጠቅሙሽ ስሞቹ ናቸው። እነሱን ደግሞ አንድ መስመር ይበቃቸዋል። እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እለጥፈዋለሁ፦

```
የመንዝ ሙክት ለፋሲካ ደርሷል
2 ዓመት የሆነው፣ ቀንዳም፣ ላቱ ትልቅ
ባናም አለን፤ የበግ ፀጉር፣ በእጅ የተፈተለ
ዋጋ፦
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ
ስልክ፦
#የመንዝ_በግ #ደብረ_ብርሃን
Menz beg, mukit, bana - Debre Birhan / Debre Berhan, North Shewa
```

የመጀመሪያው መስመር በፊደል የሆነው ደንበኛሽ ስልኩ ሲጮህ ኖቲፊኬሽን ላይ የሚያየው እሱን ስለሆነ ነው። ዋጋውን ሙዪው፤ «በውስጥ መስመር» የሚል ነገር ሰው ያሰለቻል፣ ይሄ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ሃሽታጉ ውስጥ ቃላቱን በስሩ ሰረዝ ያያያዝኳቸው ክፍት ቦታ ስለሚቆርጠው ነው። `#የመንዝ በግ` ብትይ ሃሽታግ የሚሆነው «የመንዝ» ብቻ ነው።

የላቲኑ መስመር መጨረሻ ላይ ነው፣ ስም ብቻ ነው፣ ግሥ የለውም። ከተማችንን በሁለት አጻጻፍ የጻፍኩት ሰው ሁለቱንም ስለሚጠቀም ነው። ሸዋንም `Shewa` የሚል አለ፣ `Shoa` የሚል አለ። ሁሉንም አትደርድሪ፤ የቆሻሻ ክምር ይመስላል። አንድ ጊዜ አንዱን፣ በሌላው ማስታወቂያ ሌላውን ብትጠቀሚ ቻናልሽ ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። `Menz sheep` ብለሽ በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፍ ግን ብዙም አያዋጣሽም። የመንዝ በግ ዘሩ ራሱ ብዙ የተጠና ነው፤ እዚሁ ከተማችን ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ሠርቶበታል። ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ የፈለገ ሰው የሚወርድለት ስለ እርባታ የተጻፈ ጥናት ነው።

በፊደል ሲጻፍም ፍለጋ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብርሃን በሃ ይጻፋል፣ ብርኃን በኃም ይጻፋል። ዓመትና አመት፣ ፀጉርና ጸጉር እንዲሁ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቻናልሽ ውስጥ ገብተሽ ራስሽ ሞክሪው፤ በሃ የጻፍሽውን በኃ ፈልጊ። አገኘሽው አላገኘሽው ወዲያው ታውቂያለሽ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ሰው ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ሊከራከርሽ ይችላል፤ እሱን ለእሱ ተይውና ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈውን ምረጪ፣ ከዛ አትቀያይሪ።

ሙሉውን ማስታወቂያ አንዴ በፊደል፣ አንዴ በላቲን ደግሞ ልጻፈው ብለሽ ካሰብሽ ተይው። ፌስቡክ ረዘም ያለውን ይቆርጠዋል፤ የቀረውን ለማየት ሰውየው መንካት አለበት። የተቆረጠው ውስጥ ስልክ ቁጥርሽ ካለ ለማን ሊደውል ነው? ደግሞ አማርኛ በጎግል ትርጉም ውስጥ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። በፊደል የተጻፈውን ማሽኑ አማርኛ መሆኑን ለመለየት ብዙ አይቸገርም። በላቲን ሲሆን `beg`፣ `bet`፣ `man`፣ `sew` ሁሉም የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ማሽኑ ምን ያድርግ?

በላቲን ብቻ የሚሠራ ሌላም ነገር አለ። የቴሌግራም ቻናልሽ `@` ያለው ስም ፊደላችንን አይቀበልም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የስር ሰረዝ ብቻ ነው፤ ከአምስት ማነስም አይችልም። ስለዚህ ስትመርጪ በስልክ ለሰው ስትነግሪው የማያከራክር ይሁን። ሙክት የሚል ነገር አታስገቢበት፤ «በአይ ነው በኢ?» እየተባባላችሁ ታመሻላችሁ። ከላይ የሚታየው የቻናሉ ስም ግን በፊደል ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስገቢ።

አሁን ስለ ኤስኤምኤስ። እንዳንቺ ያሉ ሻጮች ለቋሚ ደንበኛ የበዓል መልእክት በኤስኤምኤስ ይልካሉ፣ «በአማርኛ ብር ይበላል» የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። ወሬው መሠረት አለው። አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ ነው። ሲታይ ከግማሽ በታች ነው። ግን እንቁጠረው፦

```
የመንዝ ሙክት ለፋሲካ ደርሷል። ደብረ ብርሃን ጠባሴ እንገኛለን።
yemenz mukit lefasika dersual. debre birhan tebase engegnalen.
```

ክፍት ቦታና ነጥቡ ተጨምሮ የላይኛው 40 ነው። የታችኛው 62 ነው። እኛ አንዷን ፊደል በምንጽፍበት ቦታ ላቲን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ስለሚፈልግ ነው፤ ኛ ስትጻፍ `gna` ናት። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ መልእክት ሄዱ፣ ክፍያቸውም እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው መልእክቱ ሲረዝም ነው። ከ70 ካለፈ የእኛው ለሁለት ይከፈላል፣ ሲከፈል ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል። በሦስት ኤስኤምኤስ ከምትልኪ አሳጥረሽ በአንድ ላኪው። እጅግ የከፋው ግን መቀላቀሉ ነው። ሙሉውን በላቲን ጽፈሽ መጨረሻ ላይ አንዲት «።» ብታስገቢ መልእክቱ በሙሉ በ70ው ሂሳብ ይቆጠራል። የላቲኑን ርዝመትም የፊደሉን ዋጋም ከፈልሽ ማለት ነው። ስልክሽ ላይ ስትጽፊ ጎኑ የሚቆጥረው ቁጥር ድንገት ዘጭ ካለ አንዲት ፊደል ሾልካ ገብታለች።

ባለቁልፍ ስልክ የያዙ ደንበኞች ካሉሽ፣ ገጠር ያሉት ማለቴ ነው፣ ለእነሱ ጽሑፍ ትተሽ ደውይ።

«በፊደል መጻፍ ይከብደኛል» ካልሽ መፍትሔው ቀላል ነው። 231ዱን መፈለግ አይጠበቅብሽም። በድምፅ የሚጻፍባቸው የአማርኛ ኪቦርዶች አሉ፤ `s` እና `e` ስትነኪ ሰ ይወጣል፣ `l` እና `a` ስትነኪ ላ ይወጣል። ጣትሽ የለመደው ያው የላቲኑ አጻጻፍ ነው፤ የሚወጣው ግን ፊደል ነው። አዲስ የምትለምጂው እንደ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ ያሉት የት እንዳሉ ነው። አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ የጎግል በድምፅ መጻፊያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ተናግረሽ አርሚው። የመንዝ ቃላት ላይ ይሳሳታል፤ ሳታነቢ እንዳትለጥፊ። ጽሑፉን በፎቶው ላይ ብቻ ጽፎ መለጠፍ ግን አይሁን። ያማረ ፖስተር ላይ ያለ ስም በቻናልሽ ፍለጋ አይገኝም፣ ቁጥሩም ሲነካ አይደውልም።

አንድ አካባቢያዊ ጉዳይ ልጨምር። በፍቼና በሰላሌ በኩል ያሉ ጎረቤቶቻችን በቁቤ የተማሩ ናቸውና ላቲን ለእነሱ ይቀላል የሚል ሰው አለ። እዚህ ላይ ረጋ በይ። ቁቤ ውስጥ `x` ጠ ናት፣ `c` ጨ ናት፣ `q` ቀ ናት። እኛ `t` ብለን የምንጽፈውን ጠ እነሱ ተ ብለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ `yishetal` ለእነሱ በትክክል ይሸታል ነው! ጥርጣሬ እንኳን የለውም። በዚያ በኩል ገዢ ካለሽ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ፈልገሽ አንድ መስመር በቁቤ አስጽፊ፤ በግ `hoolaa` ናት። ያ መስመር በላቲን ከተጻፈ አማርኛ በብዙ ይሻላል።

ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ በግ የሚገዙትም ያው ናቸው። እዚህ ተምረው የሄዱት ፊደል ያነባሉ፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው በላቲን የተጻፈ አማርኛም ይቸግራቸዋል፤ ለእነሱ የሚሆነው ተራ እንግሊዝኛ ነው። ገዢው ግን ልጁ ሳይሆን አባትየው ነው፤ ስለዚህ አትጨነቂበት።

እኔን ካላመንሽ ለካው። አንድ ዓይነት በግ፣ አንድ ዓይነት ፎቶ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንዱን ሳምንት በፊደል ሌላውን በላቲን ለጥፊ። ሁለቱንም ከበዓሉ ሳምንት አርቂያቸው፤ በበዓል ሁሉም ነገር ይሸጣል። ቴሌግራም ላይ ዓይኗ ያላትን ቁጥር ብቻ አትዪ፤ እሷ መከፈቱን እንጂ መነበቡን አትነግርሽም። ይልቅ የሚመጡልሽን ጥያቄዎች ቁጠሪ። «ስንት ዓመቱ ነው?»፣ «የት ናችሁ?» የሚሉ፣ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ሳለ የሚጠየቁ ጥያቄዎች የበዙበት ያልተነበበው ነው።

ስልክ ቁጥርሽን በተለመደው ቁጥር ጻፊው፤ ለጌጥ ብለሽ በግዕዝ ቁጥር እንዳታደርጊው፣ ሲነካ አይደውልም። `+251` ብለሽ ጀምሪ፣ መጀመሪያ ያለውን 0 ትተሽ ማለት ነው። ውጭ ያለው ሰውም እዚህ ያለውም በአንድ መንካት ይደውላል።